አምስቱ ኩንታል የማን ናቸው? አንድ ዞን ብቻ የሞከረውን ፖሊሲ መመዘን

የሰሜን ሸዋ ዞን አንድ አዲስ ፖሊሲ አወጣ እንበል። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን በሰፋፊ መደብ ከፍሎ ውሃውን የሚያጠነፍፍ መሣሪያ ሲከራይ፣ ከኪራዩ ግማሹን ዞኑ ይከፍልለታል። ሌላ ዞን ይህን አላደረገም። ፖሊሲውም ሆነ ከዚህ በታች በሰሜን ሸዋ ስም የማነሣቸው የምርት ቁጥሮች ለማስረዳት የፈጠርኳቸው ናቸው። ችግሩ ግን የፈጠራ አይደለም፤ ሞረትና ጅሩን በነሐሴ ያየ ሰው ውሃ ባቆረ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ እንዴት እንደሚገረጣ ያውቃል።

ሁለት መኸር ካለፈ በኋላ ሪፖርት ይቀርባል። በሄክታር 24 ኩንታል የነበረው ምርታማነት 29 ደርሷል ይላል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። ነገር ግን እነዚህ አምስት ኩንታሎች የማን ናቸው? ክረምቱ ደግ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው በሰዓቱ ገብቶ፣ ወይም ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ተሰራጭቶ ሊሆንም ይችላል። ማወቅ የምንፈልገው ፖሊሲው ባይኖር ኖሮ ይኸው ዞን በዚያው ዓመት ስንት ያመርት እንደነበረ ነው። ያንን ቁጥር ደግሞ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ወደፊትም አያየውም።

ብዙ ቦታዎች ፖሊሲውን ተግብረው ብዙዎች ደግሞ ባይተገብሩት ኖሮ ሁለቱን ቡድኖች ማወዳደር ይቻል ነበር። እዚህ ግን የተገበረው አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ይወዳደር? ደቡብ ወሎ ይቀርባል፤ እንደ ሰሜን ሸዋ ደጋ አለው፣ በልግም ያመርታል። ጎጃም ሰፊ የስንዴ መሬት አለው፤ የዝናቡ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። አርሲ ለስንዴ የታወቀ ነው፤ አመራረቱ ግን አይመሳሰልም። ሰሜን ሸዋ ራሱም አንድ ወጥ አይደለም። መንዝ ብርዳማ የገብስና የበግ አገር ነው፤ ምንጃር ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ ቀወትና በረኸት ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የሚመስለው ዞን በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የለም።

የሰው ሠራሽ ማነጻጸሪያ ዘዴ የመጣው ለዚህ ዓይነቱ እንቆቅልሽ ነው። አልቤርቶ አባዲ እና ሃቪየር ጋርዲያዛባል የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የስፔኗ ባስክ ግዛት በሽብር ጥቃት ምክንያት ምን ያህል ገቢ እንዳጣች ለማወቅ ተጠቀሙበት። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ቦታ ብቻውን የማይመስለንን፣ ከብዙ ቦታዎች በተለያየ መጠን የተወሰደ ድብልቅ ሊመስለን ይችላል። ድብልቁ ግን በዘፈቀደ አይቀመምም። የእያንዳንዱ ቦታ ድርሻ የሚወሰነው ፖሊሲው ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የኛን ዞን ጉዞ በተቻለ መጠን እንዲከተል ተደርጎ ነው። ሁለት ገደቦችም አሉበት፦ ማንም ከዜሮ በታች ድርሻ አይኖረውም፤ የሁሉም ድርሻ ሲደመር ደግሞ አንድ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ሰንጠረዡ በሄክታር የተገኘውን የስንዴ ምርት በኩንታል ያሳያል። ፖሊሲው የጀመረው በአምስተኛው ዓመት ነው።

| ዓመት | ሰሜን ሸዋ | ዞን ሀ | ዞን ለ | ዞን ሐ | ሰው ሠራሹ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 20 | 18 | 23 | 31 | 20.0 |
| 2 | 22 | 21 | 24 | 30 | 22.2 |
| 3 | 17 | 14 | 22 | 33 | 17.2 |
| 4 | 24 | 22 | 27 | 35 | 24.0 |
| 5 | 27 | 23 | 28 | 35 | 25.0 |
| 6 | 29 | 22 | 30 | 36 | 25.2 |

መጀመሪያ የላይኞቹን አራት መስመሮች ብቻ እንመልከት። ኮምፒውተሩ ብዙ የድርሻ ዓይነቶችን ሞክሮ ለዞን ሀ 0.6፣ ለዞን ለ 0.4፣ ለዞን ሐ ዜሮ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ዓመት ስሌት 18 በ0.6 ተባዝቶ 10.8፣ 23 በ0.4 ተባዝቶ 9.2፣ ድምሩም 20 ይሆናል። ሰሜን ሸዋም 20 ነበር። ክረምቱ በከፋበት በሦስተኛው ዓመት ሰሜን ሸዋ ወደ 17 ሲወርድ ድብልቁም 17.2 ላይ ወርዷል። ለእኔ ከአራቱ መስመሮች ትልቁን ምስክርነት የሚሰጠው ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለት ቦታዎች በደግ ዘመን አብረው ማደጋቸው ብዙ አያስደንቅም፤ ክፉው ዓመት ሁለቱንም በእኩል መጠን ከመታቸው ግን የሚነዳቸው ነገር አንድ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ዞን ሐ በዚያ ዓመት ጭራሽ ምርቱ ጨምሯል። ዜሮ የተሰጠውም ለዚህ ነው።

የሦስቱን ዞኖች ተራ አማካይ ብንወስድስ? በአራተኛው ዓመት አማካዩ 28 ነው፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ 24። ማነጻጸሪያው ፖሊሲው ሳይጀመር አራት ኩንታል ርቆ ተቀምጧል ማለት ነው። በስድስተኛውም ዓመት አማካዩ 29.3 ስለሆነ፣ የደረጃ ማወዳደሪያ ብቻ የሚያይ ሰው ሰሜን ሸዋ አሁንም ወደኋላ ቀርቷል ብሎ ይደመድማል። አማካይ ለሁሉም እኩል ድምፅ ይሰጣል፤ የማይመስለንም ዞን ከሚመስለን እኩል ይናገራል።

አሁን ወደ ታችኞቹ ሁለት መስመሮች እንውረድ። ድርሻዎቹ አይነኩም፤ እዚያው 0.6 እና 0.4 ላይ ይቆያሉ። በስድስተኛው ዓመት 22 በ0.6 እና 30 በ0.4 ተባዝተው ሲደመሩ 25.2 ይሰጣሉ። ይህ ፖሊሲው ያልደረሰበት ሰሜን ሸዋ ሊሆን ይችል የነበረው ግምት ነው። እውነተኛው 29 ስለሆነ ልዩነቱ 3.8 ኩንታል ነው። አዳራሹ ካጨበጨበላቸው አምስት ኩንታሎች 1.2 ያህሉ ያለ ፖሊሲውም ይመጡ ነበር ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስሌቱ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። በአራት ዓመት ብቻ የተገጣጠመ ድብልቅ ብዙ ሊያስተማምነን አይገባም። ከሃያ ዞኖች የሚመርጥ ሰው አራት ቁጥሮችን የሚመስል ድብልቅ በአጋጣሚም ሊያገኝ ይችላል። አራት ዓመት የተጠቀምኩት ሰንጠረዡ እንዳይረዝም ነው። በእውነተኛ ሥራ ረጅም የቀድሞ ታሪክ ያስፈልጋል፤ ምን ያህል እንደሚረዝምም በዘዴው ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ያሳየናል።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ፕሮፖዚሽን 99 የተባለውን የትምባሆ ሕግ በድምፃቸው አጸደቁ። ሕጉ ከጥር 1989 ጀምሮ በእያንዳንዱ የሲጋራ ፓኮ ላይ 25 ሳንቲም ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ፤ ከገቢውም ለፀረ ትምባሆ ትምህርት ገንዘብ መደበ። አባዲ ከአሌክሲስ ዳይመንድ እና ከጄንስ ሃይንሙለር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት ይህ ሕግ ማጨስን ምን ያህል እንደቀነሰ ጠየቀ። መረጃቸው ከ1970 ይጀምራል፤ ስለዚህ ከሕጉ በፊት 19 ዓመታት ነበሯቸው።

ችግሩ በካሊፎርኒያ ማጨስ ከሕጉ በፊትም ከሌሎቹ ግዛቶች በፈጠነ መጠን እየቀነሰ መሆኑ ነበር። ከአገሪቱ አማካይ ጋር ቢያወዳድሩት፣ ቀድሞ የጀመረውን ቁልቁለት ሁሉ የሕጉ ፍሬ ያስመስለው ነበር። ስለዚህ 38 ግዛቶችን በእጩነት አቅርበው ድብልቅ ሠሩ። ድርሻ ያገኙት አምስት ብቻ ናቸው፦ ዩታ 33.4 በመቶ፣ ኔቫዳ 23.4፣ ሞንታና 19.9፣ ኮሎራዶ 16.4 እና ኮኔክቲከት 6.9። የቀሩት 33 ግዛቶች ምንም አላገኙም። ይህ ጥቂቶችን ብቻ የመምረጥ ባሕርይ ከዘዴው በጎ ጎኖች አንዱ ነው። አንባቢው አምስት ስሞችን አይቶ ይስማማል ወይም ይሟገታል፤ የአገሩን ባሕርይ የሚያውቅ ሰው ያለ ምንም የሒሳብ ዕውቀት «ይህ እንዴት እኛን ይመስላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ድብልቁ እስከ 1988 ድረስ ከእውነተኛዋ ካሊፎርኒያ ጋር ተጣብቆ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ መስመሮች ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የካሊፎርኒያ የነፍስ ወከፍ የሲጋራ ሽያጭ ከድብልቁ በ26 ፓኮ ገደማ ያነሰ ነበር።

ታዲያ 26 ፓኮ ብዙ ነው ወይስ የአጋጣሚ ልዩነት? በተለመደው ጥናት ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በብዙ ናሙና ነው፤ አንድ ግዛት ብቻ ሲኖር ግን ናሙና የለም። መፍትሔያቸው ብልህ ነው፤ እኔም ከዘዴው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ክፍል ነው። ሕጉን ያላወጡትን 38 ግዛቶች አንድ በአንድ እያነሡ፣ እያንዳንዱ በ1989 ሕጉን ያወጣ ይመስል ከሌሎቹ ድብልቅ ሠሩለት። በእነዚህ ቦታዎች ምንም ስላልተደረገ የሚገኘው ልዩነት ባዶ ጩኸት ነው። ባዶው ጩኸት የካሊፎርኒያን ያህል ከበረታ ግኝቱ ወድቋል።

ንጽጽሩ ግን የመጨረሻውን ልዩነት ብቻ በማየት አይደረግም፤ ከፖሊሲው በፊትም በደንብ ያልገጠመ ቦታ በኋላ መራቁ ምንም አያስረዳምና። ኒው ሃምፕሻየርን እንውሰድ። ከሕጉ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ በነፍስ ወከፍ የሲጋራ ሽያጭ አንደኛ ነበረች። ድርሻዎቹ ተደምረው አንድ መሆን ስላለባቸው፣ ከሁሉም በላይ ያለን ቦታ ከበታቾቹ ቀላቅሎ መሥራት አይቻልም። አዲስ አበባን ከሌሎች የኢትዮጵያ ክልሎች ቀይጬ ልሥራ የሚል ሰው የሚገጥመው ግድግዳም ይኸው ነው። ስለዚህ አጥኚዎቹ ለእያንዳንዱ ግዛት ከፖሊሲው በኋላ ያለውን አማካይ የስሕተት ካሬ፣ ማለትም ከድብልቁ ያለው ልዩነት በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠውን አማካይ፣ ከፖሊሲው በፊት ላለው አካፈሉ። በእኛ ሰንጠረዥ ከፖሊሲው በፊት ያሉት ስሕተቶች 0፣ 0.2፣ 0.2 እና 0 ናቸው፤ የካሬያቸው አማካይ 0.02 ይሆናል። በኋላ ያሉት ደግሞ 2 እና 3.8 ስለሆኑ የካሬያቸው አማካይ 9.22 ነው። ጥምርታው 461 ነው። ያስደነግጣል፤ ሆኖም ተከፋዩ ግዙፍ ሆኖ ሳይሆን አካፋዩ እጅግ አንሶ ነው፤ አካፋዩ ያነሰውም ዓመታቱ አራት ብቻ ስለሆኑ ነው።

በካሊፎርኒያ ይህ ጥምርታ ወደ 130 ይጠጋል፤ ከ38ቱ አንዱም አልደረሰበትም። ሕጉን ያወጣው ግዛት በዕጣ ቢመረጥ ኖሮ ከ39 ግዛቶች ትልቁን ጥምርታ የማግኘት ዕድሉ አንድ ሠላሳ ዘጠነኛ፣ ማለትም 0.026 ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለ። የማስረጃው ጥንካሬ በእጩዎቹ ብዛት የተገደበ ነው። ሰሜን ሸዋን ከዘጠኝ ዞኖች ጋር ብናስተያየው፣ ውጤታችን የቱንም ያህል ቢያምር ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ቁጥር መጻፍ አንችልም። ውጤቱ የአጋጣሚ ነው እንዳይባል በተለምዶ የሚፈለገውን 5 በመቶ ለመድረስ ቢያንስ 19 እጩዎች ያስፈልጋሉ። ለዚህም ከአማራ ክልል ውጭ መውጣት ግድ ይላል። በኦሮሚያ ክልል ያለው ሌላው ሰሜን ሸዋ፣ ምዕራብ ሸዋ፣ አርሲ እና ሌሎችም መካተት አለባቸው።

እጩ ማብዛት ሲባል ግን ማንንም ማስገባት አይደለም። የካሊፎርኒያ አጥኚዎች የራሳቸውን ትልቅ የፀረ ትምባሆ ፕሮግራም የጀመሩትንና የሲጋራ ቀረጣቸውን በ50 ሳንቲምና ከዚያ በላይ ያሳደጉትን ግዛቶች ከመጀመሪያው አስወጥተዋል። እኛም ተመሳሳይ የመሣሪያ ድጎማ በሌላ ስም የጀመረ ዞን ካለ ማስወጣት አለብን።

ከዚህ የሚከብደው የጎረቤት ጉዳይ ነው። በአየር ንብረትና በአፈር የሚመስለን አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሰነን ነው፤ ፖሊሲያችን ተሻግሮ የሚነካውም እሱን ነው። የመሣሪያው አከራዮች ሰሜን ሸዋ ላይ ሠርተው በዚያው ወደ ጎረቤት ዞን ቢሻገሩ የጎረቤታችንም ምርት ያድጋል፤ ድብልቁ ከፍ ይላል፤ የፖሊሲያችን ውጤት አንሶ ይታያል። በተቃራኒው ደግሞ ድጎማው ስላለ መሣሪያዎቹ ሁሉ ወደ እኛ ተሰብስበው ጎረቤት ቢያጣ የእሱ ምርት ይቀንሳል፤ የእኛ ውጤትም ከእውነቱ በላይ ይገዝፋል። የትኛው እንደሆነ ሰንጠረዡ አይነግረንም። አከራዮቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ እጩ ብቻውን ውጤቱን ተሸክሞት እንደሆነም መፈተሽ ይቻላል። በሰንጠረዣችን በስድስተኛው ዓመት ዞን ለ ሲያድግ ዞን ሀ ከ23 ወደ 22 ወርዷል። እዚያ በረዶ ወርዶ ቢሆንስ? ያለ በረዶው 25 ያመርት ነበር ብንል ድብልቁ 27 ይሆናል፤ ልዩነቱም ከ3.8 ወደ 2 ይወርዳል። የጎረቤት መከራ ወደ እኛ ስኬት ተቆጥሮ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ድርሻ ያገኘውን እያንዳንዱን ዞን በተራ እያወጡ ስሌቱን እንደገና መሥራት የተለመደ ነው። አንዱ ሲወጣ ውጤቱ ከጠፋ፣ ያገኘነው የዚያን ዞን ታሪክ እንጂ የፖሊሲውን አይደለም።

በረዶ ትንሹ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ በግጭት ክፉኛ ወድማለች፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ዓመታት አጠገብ የተጀመረ ፖሊሲን በዚህ ዘዴ ለመመዘን የሚነሣ ሰው፣ መስመሮቹ ሲለያዩ የሚያየው ፖሊሲውን ይሁን ጦርነቱን መለየት አይችልም። ዘዴው ፖሊሲው በመጣበት ጊዜ ሌላ ትልቅ ነገር በዚያ ቦታ ላይ ብቻ አልደረሰም ብሎ ይነሣል። ያ ካልሆነ በድርሻ ማስተካከል የሚድን ነገር የለም። ጦርነቱ በተለያየ መጠን የነካቸውን ወሎንና ሌሎችን ብንቀላቅልም ጉዳታቸው ከእኛ ጉዳት ጋር በልክ አይገጥምም።

የመረጃውም ጣጣ ቀላል አይደለም። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በየዓመቱ ከሚያካሂደው የግብርና ናሙና ጥናት የምርት አሃዝ በዞን ደረጃ ይወጣል። በዞን ያሰላሁትም ለዚህ ነው። ወረዳን ከወረዳ ማወዳደር ይበልጥ ያጓጓል፤ ሞረትና ጅሩን ለብቻው ማየት ማን ይጠላል? ነገር ግን የወረዳ ቁጥር የሚመጣው ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ነው፤ ድጎማ የተሰጠው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ምርቱን አጉልቶ ለመጻፍ ምክንያት አለው። የዞን ወሰንም ይለወጣል። ቀድሞ አንድ የነበረው ሰሜን ጎንደር ወደ ሦስት ዞኖች ተከፍሏል፤ የድሮውን ተከታታይ አሃዝ ከአዲሱ ጋር ሳያስታርቁ በእጩነት ማስገባት፣ በካርታ ላይ የተሠመረን መስመር እንደ ምርት መቀነስ መቁጠር ይሆናል።

ስሌቱ ራሱ ዛሬ ብዙ አያደክምም፤ በነጻ በሚገኘው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም `R` ውስጥ `Synth` የሚባል ለዚሁ የተሠራ ጥቅል አለ። የሚያደክመው እጩዎቹን መምረጥና ምርጫውን መከላከል ነው። ፈተናውም እዚያ ነው፤ ውጤቱን ያየ ሰው የማይመቸውን ዞን አውጥቶ የሚመቸውን ማስገባት ይችላል። ሆኖም ድርሻዎቹን ለማስላት ከፖሊሲው በኋላ ያለ አንድም ቁጥር አያስፈልግም። ስለዚህ ዞኑ ድጎማውን ከመጀመሩ በፊት የእጩዎቹን ዝርዝር ከነምክንያቱ፣ ድርሻዎቹንና የቀድሞዎቹን ዓመታት ስሕተት አስልቶ፣ ቀን ጽፎበት ከዞኑ ውጭ ላለ አካል፣ ለምሳሌ ለዩኒቨርሲቲ፣ ሊያስረክብ ይችላል። ሁለት መኸር ካለፈ በኋላ የሚቀረው የእጩዎቹን አዲስ ምርት በዚያው በተጻፈው ድርሻ ማባዛትና መደመር ብቻ ይሆናል።